የዚንክ ኦክሳይድ ፒኮቼ ወደ ግራ ሸሹ፣ ሰፉም፤ ዲስከሽኑ ላይ ምን ልጻፍ?

የማርቆስ ተማሪ (ጠያቂ)
ዚንክ ናይትሬትን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አዝቅጬ፣ አጥቤ፣ 400 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት ያቆየሁት ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ናሙናውን አዲስ አበባ ልኬ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ተሠራልኝ። ጨረሩ የመዳብ ነው፣ 1.5406 አንግስትሮም፤ Kα2 ተቀንሷል። ከካርዱ (36-1451) ጋር ሳስተያየው እንዲህ ሆነ፦

```
hkl   ካርድ    የእኔ    ስፋት (በዲግሪ)
100   31.77   31.62   0.50
002   34.42   34.27   0.36
101   36.25   36.10   0.52
102   47.54   47.40   0.66
110   56.60   56.46   0.56
103   62.86   62.73   0.68
112   67.96   67.83   -
```

ፒኮቹ ለምን ሸሹ? ለምንስ ሰፉ? መምህሩ "ምክንያቱን በማስረጃ" ብሏል። በሼረር ቀመር ስሠራው ደግሞ 0.28 ናኖሜትር ወጣልኝ።

ጮቄ
እህቴ፣ ፒክ ወደ ግራ ሲሄድ d ጨምሯል ማለት ነው፤ የብራግ ሕግ ነው። ላቲሱ ተለጥጧል። ናኖ ሲሆን ኦክስጅን ይጎድለዋል፣ ስትሬይን ይኖረዋል። "በኦክስጅን ጉድለት ምክንያት የላቲስ መስፋት" ብለሽ ጻፊ፤ ብዙ ሰው የሚጽፈው እንዲሁ ነው።

የባሕር ዳር ላብ
ወንድም ጮቄ፣ d ሲጨምር ፒክ ወደ ግራ መሄዱ ልክ ነው። ወደ ግራ የሄደ ፒክ ሁሉ ግን d ጨምሯል ማለት አይደለም። የእህታችንን ቁጥር እስቲ እንየው።

ላቲሱ ራሱ ተለጥጦ ቢሆን ሽሽቱ በ tanθ ልክ ያድግ ነበር። 101 ላይ 0.15 ከሸሸ 112 ላይ 0.31 ገደማ መሸሽ ነበረበት፤ ፒኩም 67.65 አካባቢ ይገኝ ነበር። እሷ ያገኘችው 67.83 ነው፤ የሸሸው 0.13 ብቻ። ማዕዘኑ ሲያድግ ሽሽቱ እየቀነሰ ሄዷል። በሌላ መንገድም ይታያል፦ ከ100 ፒክ d ብታሰሉ ከካርዱ 0.46 በመቶ ይበልጣል፣ ከ112 ብታሰሉ ግን 0.17 በመቶ ብቻ። አንድ ክሪስታል ወጥ ሆኖ ተለጥጦ ሁለቱንም ሊሆን አይችልም።

በ cosθ ልክ የሚቀንስ ሽሽት የናሙናው ከፍታ ምልክት ነው። የዱቄቱ ገጽ ከጎንዮሜትሩ መሃል ዝቅ ካለ ፒኮቹ በሙሉ ወደ ግራ ይሄዳሉ፣ ከፍ ካለ ወደ ቀኝ። ቀመሩ ይኸው፤ s ዱቄቱ ዝቅ ያለበት ልክ ነው፣ ውጤቱም በራዲያን ነው፦

```
Δ2θ = -2 s cosθ / R
```

R የማሽኑ ራዲየስ ነው፤ ዳታውን የላኩልሽን ጠይቂ። 185 ሚሊሜትር ቢሆን 0.15 ዲግሪ (0.00262 ራዲያን) የሚመጣው ገጹ 0.25 ሚሊሜትር ዝቅ ሲል ነው። ይህ ብዙ አይደለም። የላክሽው ዱቄት ጥቂት ከነበረና ሆልደሩ ጥልቅ ከሆነ በቀላሉ ይደርሳል። ዱቄቱ ሆልደሩ ውስጥ በቁና እንደሚሰፈር እህል ሞልቶ አናቱ በመስታወት ጠርዝ መጠረግ አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል። የማሽኑ ዜሮ ራሱ ተዛብቶ ከሆነ ሽሽቱ በሁሉም ፒክ እኩል ይሆናል፤ በ0.15 እና በ0.13 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከአንድ የቅኝት እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ከናሙናሽ ጋር የሲሊከን ቅኝት ልከውልሽ እንደሆነ እዪው።

እንጅባራ ኬሚስት
እኔም እንዲህ ዓይነት ችግር አለብኝ። በግራዋ ቅጠል ጭማቂ የሠራሁት ዚንክ ኦክሳይድ 13 ዲግሪ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ፒክ ያሳያል። ይህም ከከፍታው ነው?

የባሕር ዳር ላብ
አይደለም፤ ከፍታው የነበረውን ፒክ ይገፋዋል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። 13 ዲግሪ ላይ የዚንክ ካርቦኔት ሃይድሮክሳይድ ዋና ፒክ አለ። በደንብ ያልተቃጠለ ናሙና ላይ ይታያል፤ 400 ላይ አቆይተህ ድጋሚ አስቃኘው። ከጠፋ እሱ ነበር።

የማርቆስ ተማሪ
ጋሼ፣ የሲሊከኑ ፋይል አለ። ፒኩ በትክክል 28.44 ላይ ነው፤ ስፋቱ 0.12 ዲግሪ።

የባሕር ዳር ላብ
እንግዲያው ዜሮው ደህና ነው፤ ከፍታው ነው ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ። የተረፈ ዱቄት ካለሽና ድጋሚ ማስቃኘት ከቻልሽ 10 በመቶ ኮረንደም ቀላቅለሽ ላኪ። 25.58፣ 43.35 እና 52.55 ላይ ያሉት ፒኮቹ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር አይጋጩም። ሲሊከን እዚህ አይመችም፤ 47.30 ላይ ያለው ፒኩ ከ102 ጋር ይደራረብብሻል። አልፋ አሉሚና መሆኑን አረጋግጪ፤ ለክሮማቶግራፊ የሚሸጠው ፒኩ የተድበሰበሰ ነው።

ወደ ስፋቱ እንምጣ። 0.28 ናኖሜትር የመጣው 0.52ን በዲግሪ ስላስገባሽው ነው። የአሃዱ ሴል c ራሱ 0.52 ናኖሜትር ነው፤ ክሪስታል ከአሃዱ ሴሉ አያንስም። ወደ ራዲያን ቀይሪው፤ cos ውስጥም 2θ ሳይሆን θ አስገቢ። ከዚያ በፊት የማሽኑን 0.12 በካሬ ቀንሺ። በ0.9 ሼረር የሚወጣው ይህ ነው፦

```
100   17.0 nm
110   16.5 nm
002   24.5 nm
102   13.4 nm
103   13.9 nm
```

ዲስከሽንሽ ያለው እዚህ ነው። 100 እና 110 በጎን በኩል ያለውን ልክ ይለካሉ፤ ማዕዘናቸው በጣም ቢራራቅም ተስማምተዋል። ስትሬይን ቢኖር 110 በይበልጥ ሰፍቶ ትንሽ ቁጥር ይሰጥ ነበር። 002 ደግሞ በ c አቅጣጫ ይለካል፤ ይበልጣል፤ ክሪስታሎቹ በ c በኩል ረዘም ያሉ ናቸው። ቅርጽ ብቻ ቢሆን 102 እና 103 በ17 እና በ24.5 መካከል መውደቅ ነበረባቸው። ከሁሉም አነሱ። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የሚያሰፋው የንብርብር ስህተት ነው፤ የአተሞቹ ንጣፎች በ c በኩል ሲደረደሩ ተራቸው አልፎ አልፎ ይዛነፋል። 100፣ 002 እና 110 በዚህ አይነኩም።

ጮቄ
ሽሽቱን ተቀብያለሁ። ግን ለስፋቱ ዊሊያምሰን-ሆል ብትሠራ አይሻልም? ሁሉንም ፒክ በአንድ መስመር አስገብታ መጠኑንም ስትሬይኑንም ታገኛለች።

የባሕር ዳር ላብ
ነጥቦቹ መስመር ላይ አይወድቁም። 102 እና 103 ወደ ላይ ይወጣሉ፣ 002 ወደ ታች ይወርዳል፤ በግድ የተሰመረው መስመር የሚሰጠው ስትሬይን ትርጉም የለውም። ሥዕሉን ታስገባው፤ ግን መበተኑን ለማሳየት።

ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ
አንድ ቅሬታ አለኝ። በካሬ መቀነስ የሚሠራው ፒኩ ጋውሲያን ሲሆን ነው። ሎሬንዝያን ከሆነ በቀጥታ ይቀነሳል፦ 0.52 ሲቀነስ 0.12፣ 0.40 ነው። ያኔ የ101 መጠን ከ16.5 ወደ 20.9 ናኖሜትር ይዘላል። የመጠን ስፋት ደግሞ ወደ ሎሬንዝያን ያደላል።

የባሕር ዳር ላብ
ትክክል ነህ፤ ያን ያህል ልዩነት አለው። የ102 እና የ103 ማነስ በሁለቱም መንገድ ይቀራል፤ ፍጹም ቁጥሩ ግን ይለዋወጣል። የእሷ ፒክ የትኛው እንደሆነ ከስፋቱ ብቻ አይታወቅም።

የማርቆስ ተማሪ
ታዲያ የቱን ልጻፍ?

ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ
የ101ን ፒክ በፕስዩዶ-ቮይት ግጠሚውና የቅልቅሉን ቁጥር እዪ። ወደ 1 ከቀረበ የሎሬንዝያኑን ውሰጂ፣ ወደ 0 ከቀረበ የጋውሲያኑን። መሃል ላይ ከዋለ "ከ16 እስከ 21 ናኖሜትር" ብለሽ ሁለቱንም ጻፊ፤ የትኛውን አቀናነስ እንደተጠቀምሽም ግለጪ። ሁለት አሥርዮሽ ያለው አንድ ቁጥር አትስጪ።

የባሕር ዳር ላብ
የላቲስ መስፋትንም ከከፍታው እርማት በኋላ ብቻ አንሺ። እርማቱን አድርገሽ ፒኮቹ በሙሉ አንድ ዓይነት a እና c ከሰጡሽ፣ ከካርዱም ጋር ከተስማሙ፣ የኦክስጅን ጉድለት የሚባለው በዚህ ዳታ አልታየም ብለሽ ጻፊ። የንብርብር ስህተቱንም "ይጠቁማል" በዪ፤ በዓይን የሚያሳየው ቲኢኤም ነው።