«ሙሉት» የሚለውን መልእክት በትዕዛዝ ደብዳቤ እንዴት ልጻፈው?

ደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሚሠራ ሕንፃ ላይ በአማካሪው በኩል ደብዳቤ አዘጋጃለሁ። የሳይት መሐንዲሳችን በስልክ የሚልካቸውን አጫጭር መልእክቶች የሳይት ትዕዛዝና የለውጥ ማስታወቂያ አድርጌ ለተቋራጩ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ለፎርማኑ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «ጥቁሩ አፈር ገና አላለቀም። 50 ሳንቲ ጨምራችሁ ቆፍሩ፣ ከዚያ ሙሉት።» በምን እንደሚሞላ አልተናገረም። እርሱ ያሰበው በየንብርብሩ የሚጠቀጠቅ የተመረጠ አፈር ነበር። ተቋራጩ ግን 24ቱንም የመሠረት ጉድጓዶች ቆፍሮ ሐሙስ ዕለት አሥሩን በኮንክሪት ሞላ። እያንዳንዱ ጉድጓድ 2 ሜትር በ2 ሜትር ስለሆነ ተጨማሪው ቁፋሮ 48 ሜትር ኩብ፣ የፈሰሰው ኮንክሪት ደግሞ 20 ሜትር ኩብ ነው። አሥራ አራቱ አሁንም ክፍት ናቸው፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ግድግዳቸውን ይንዳል።

መጀመሪያ «በተመረጠ አፈር ይሞላ» ብዬ የማክሰኞን ቀን ጻፍሁበት። አለቃዬ ያልተባለውን እንደተባለ አድርገሃል ብሎ መለሰው፤ እውነቱን ነው። ቀጥሎ መልእክቱን እንዳለ ገልብጬ የዛሬን ቀን ሰጠሁት። ይህ ረቂቅ ደግሞ ኮንክሪቱን የፈቀድን ያስመስላል፤ ስለዚህ አልላክሁትም።

ቁፋሮውን የሚያጸና አንድ ደብዳቤ፣ ለቀሪዎቹ 14 ጉድጓዶች የሙሌቱን ዓይነት የሚወስን ሌላ ደብዳቤ ለይቼ ብጽፍ፣ የአሥሩን ኮንክሪት ዋጋ ሳልቀበልም ሳልክድም ለኋላ ለማቆየት በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላስገባ?