ትንሹን ምድጃ ልግዛ ወይስ ትልቁን? ኤንፒቪ እና አይአርአር አልተስማሙልኝም

ዳቦ ቤቴ ውስጥ ያለው ቦታ ለአንድ ምድጃ ብቻ ነው። አንዱን ከገዛሁ ሌላው ቀረ ማለት ነው። እጄ ላይ 500,000 ብር አለ።

ትንሹ 200,000 ብር ነው፤ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በዓመት 110,000 ያስገባል። ትልቁ 500,000 ብር ነው፤ በዓመት 250,000 ያስገባል። ሁለቱንም ለ3 ዓመት አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ለቁራሌው ነው፣ ዜሮ ብዬዋለሁ።

በ15 በመቶ ሳሰላ የትንሹ ኤንፒቪ (የተጣራ የአሁን ዋጋ) 51,000 ገደማ፣ የትልቁ 71,000 ገደማ ሆነ። ትልቁ ይሻላል ማለት ነው። አይአርአር፣ ማለትም የገባው ገንዘብ በዓመት የሚያስገኘው የትርፍ ምጣኔ፣ ግን ትንሹን 30 በመቶ፣ ትልቁን 23 በመቶ አለው።

መጀመሪያ ኤክሴሉን ጠረጠርኩ። `=NPV` ውስጥ የዛሬውን ወጪ ካስገባችሁት እሱንም የአንድ ዓመት ቅናሽ ያደርግበታል። ስለዚህ ወጪውን ከውጭ ቀንሼ ደገምኩት። አሁንም ሁለቱ አልተስማሙም።

ቀጥዬ ልዩነቱን ብቻ ለየሁ። ተጨማሪው 300,000 ብር በዓመት 140,000 ያመጣል፤ አይአርአሩ 18.9 በመቶ ነው። ነገሩ እዚህ ጋ ትንሽ ገባኝ፤ የትንሹ 30 በመቶ የ200,000 ብር ብቻ እንጂ የ500,000 አይደለም። ኤንፒቪውን የማሰላበት ምጣኔ ከ18.9 በታች ከሆነ ትልቁ፣ ከበለጠ ትንሹ ያሸንፋል።

ችግሩ 15 ያልኩት ገንዘቡን ሌላ ቦታ ባውለው አገኛለሁ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ የባለቤቴ ወንድም «ትንሹን ግዛና የተረፈህን 300,000 ለእህል ንግዴ አበድረኝ፣ በዓመት 20 በመቶ እከፍልሃለሁ» አለኝ። ማስያዣ የለውም፣ የዘመድ ቃል ነው።

ሁለቱን ምድጃዎች ሳወዳድር መጠቀም ያለብኝ 15ቱን ነው ወይስ 20ውን?