የእንግሊዝኛዎቹ ግሶች «ሜክ» እና «ዱ» የሚለዩበት ደንብ አላዋጣኝም፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የማውቀው ደንብ አዲስ ነገር ሲፈጠር «ሜክ»፣ ሥራ ሲከናወን «ዱ» ይላል። ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ስለማይኖር «ሜክ ኤ ዲሲዥን»፣ የቤት ሥራ ግን ቀድሞ የተሰጠ ስለሆነ «ዱ ሆምወርክ»። እስከዚህ ደህና። ግን አልጋ ማንጠፍ «ሜክ ዘ ቤድ»፣ ጉዳት ማድረስ «ዱ ዳሜጅ» ሲሆን ደንቡ ይፈርሳል። ከአማርኛው «ስህተት ሠራሁ» ከተነሳን ደግሞ አፋችን ላይ የሚመጣው «ዲድ ኤ ሚስቴክ» ነው፤ ትክክሉ «ሜድ» ነው።

ስለዚህ ደብተሬን በግስ ሳይሆን በስም ከፋፍያለሁ። «ዲሲዥን» ሥር «ሜክ» እና «ሪች»ን ከነሙሉ ዓረፍተ ነገራቸው እጽፋለሁ፤ በማግስቱ ግሱን ሸፍኜ ራሴን እፈትናለሁ። የቸገረኝ «ዲል» ነው፤ «ሜክ»ንም «ዱ»ንም ይቀበላል። እንዲህ ያሉትን አንድ ገጽ ላይ ላድርጋቸው ወይስ አንዱ እስኪጸና ሌላውን ላቆየው? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።