ርካሹ ወይስ ሙሉው? ለሁለት ትንንሽ ልጆች የጤና ኢንሹራንስ ጥቆማ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ14 ወር ሴት ልጅ አሉን። ሁለት የጤና ኢንሹራንስ አማራጮች ቀርበውልን ከባለቤቴ ጋር መስማማት አቅቶናል። አንደኛው ወርሃዊ ክፍያው ትንሽ ነው፤ የሚሸፍነውም በልክ ነው። ሁለተኛው የዚያን አራት እጥፍ ያስከፍላል፤ ሙሉ ሽፋን ይሉታል። ባለቤቴ «ልጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ ለማይደርስ ነገር ይህን ሁሉ ለምን እንከፍላለን?» ይላል። እኔ ደግሞ ትንሿን ደረቷ ሲያፏጭባት ሁለት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ስለወሰድኳት ልቤ አልረጋም። የኩባንያ ስም እንድትነግሩኝ አይደለም፤ ሁለቱን እንዴት ላወዳድራቸው?

የሦስት ልጆች አባት፦ ባለቤትሽ ልክ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ርካሹን ይዤ ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ። የትንሽ ልጅ ሕመም ምንድን ነው? ጉንፋን፣ ጆሮ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት። አንዴ መካከለኛው ወድቆ ቅንድቡ ተሰፍቷል። ይህን ሁሉ ከኪሴ ከፍዬ እንኳ ትርፍ አለኝ። የሁለቱን ክፍያ ልዩነት በየወሩ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ አስቀምጪ፤ ልጅ ሲታመም ከዚያ አውጪ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ካሳ ክፍል የሠራሁ፦ እህቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሕክምና ካሳ ጥያቄ ሳይ ነው የኖርኩት። ሁለቱን በወርሃዊ ክፍያ ብቻ ካወዳደርሻቸው ሁልጊዜ ርካሹ ያሸንፋል። በሁለቱም ውል ላይ «ጣሪያ» የሚል ቃል ታገኛለሽ፤ ጣሪያው የተበጀው ለማን እንደሆነ ለይተሽ እይ። በርካሹ ውል ጣሪያ ያለው ኩባንያው ነው፤ እስከዚህ ድረስ ከፍሎ ያቆማል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው። በደንብ በተጻፈ ሙሉ ሽፋን ውል ግን ጣሪያ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ በዓመት እስከዚህ ድረስ ከኪስሽ ከፍለሽ ታቆሚያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ኩባንያው ይቀጥላል። «ሙሉ» እየተባለ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ የሌለው ውልም አለ፤ እሱ ስሙ ብቻ ነው ሙሉ።

በምሳሌ ላሳይሽ፤ የገንዘቡን ስም ትተን ቁጥሩን ብቻ እንያዝ። ርካሹ በወር 10፣ ሙሉው 40 ይሁን። በዓመት 120 እና 480 መሆኑ ነው። ርካሹ ለተመላላሽ ሕክምና በዓመት እስከ 60፣ ሆስፒታል ለሚያስተኛ አንድ ሕመም እስከ 500 ይከፍላል። በሙሉው ደግሞ የዓመቱን የመጀመሪያ 200 አንቺ ትችያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ አምስተኛ ትካፈያለሽ፤ ከኪስሽ የወጣው 600 ሲሞላ ኩባንያው የቀረውን በሙሉ ይወስደዋል።

ደህና ዓመት ከሆነ ሁለቱ ልጆች ተደምረው አሥር ጊዜ ቢታዩና እያንዳንዱ ከነመድኃኒቱ 20 ቢያስወጣ ወጪሽ 200 ነው። በርካሹ 60ው ይከፈልልሽና 140 ትከፍያለሽ፤ ከአረቦኑ፣ ማለትም ከዓመቱ የኢንሹራንስ ክፍያ ጋር 260። በሙሉው 200ውን በሙሉ አንቺ ትከፍያለሽ፤ ከአረቦኑ ጋር 680። ወንድማችን ዘጠኝ ዓመት ያየው ይህንን ነው፤ በየዓመቱ 420 አትርፏል።

አሁን በዚያው ዓመት ትንሿ ሳንባዋ ታሞ ዘጠኝ ቀን ተኛች፣ ከዚያ ውስጥ አራቱን ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል አሳለፈች እንበል። ጽኑ ክፍሉ በቀን 400፣ ተራው አልጋ 100፣ ኦክስጅኑ፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱና የሐኪሙ 700፤ ድምሩ 2,800። ርካሹ 500 ከፍሎ ይቆማል፤ 2,300 ያንቺ ነው፤ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪሽ 2,560 ይሆናል። በሙሉው የመጀመሪያውን 200 በተመላላሹ ጨርሰሽዋል፤ 400 ስትጨምሪ 600 ይሞላል፤ ጠቅላላው 1,080 ላይ ይቆማል።

የሦስት ልጆች አባት፦ ልዩነቱ 1,480 ነው። በዓመት 420 ካተረፍኩ በሦስት ዓመት ተኩል ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሕመም በአምስት ዓመት አንዴ ቢመጣ እንኳ እኔ ነኝ ያተረፍኩት። ሒሳቡ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ካሳ ክፍል የሠራሁ፦ በአማካይ ከሆነ አልከራከርህም። ኩባንያ የሚሰበስበው ከሚከፍለው ስለሚበልጥ ብዙው ቤተሰብ ባይገባ ይሻለው ነበር ማለት ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። አንደኛ፣ ሕመሙ የቁጠባው አምስተኛ ዓመት እስኪሞላ አይጠብቅም፤ በሁለተኛው ወር ቢመጣ በተቀመጠው ገንዘብ ውስጥ ያለው የሁለት ወር ልዩነት ነው፣ 60። ሁለተኛ፣ 2,800ን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ደረሰኙ 28,000 ቢሆን በሙሉው ውል አሁንም 1,080 ነው፤ በርካሹ ግን 27,500 ከአንተ ይፈለጋል። ጠያቂያችን ራሷንና ባለቤቷን መጠየቅ ያለባት በአንድ ሳምንት ውስጥ ያን ያህል ከየት እንደሚያመጡ ነው። ማምጣት የሚችል ቤተሰብ ርካሹን ቢይዝ አልወቅሰውም።

የመንትዮች እናት፦ እኔ የያዝኩት ከርካሾቹም የባሰውን ነበር። ልጅ ሆስፒታል ላደረበት ለእያንዳንዱ ሌሊት ቁርጥ ያለ ገንዘብ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ወረቀቱ ላይ «የሆስፒታል ሽፋን» ስለሚል ሆስፒታሉን የሚከፍልልኝ መስሎኝ ነበር። አንደኛው ልጄ በአምስት ወሩ መተንፈስ አቅቶት ሌሊት ይዘነው ሄድን። አፍንጫው ላይ የኦክስጅኑ ቱቦ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ጎኑ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ፣ ባለቤቴ ታች ካሸር መስኮት ላይ ካርዱን ያሳያል። ልጅቷ ካርዱን ገልብጣ አየችና «ይሄ ለእናንተ ነው እንጂ ለእኛ አይከፍልም፤ መጀመሪያ ማስያዣ ክፈሉ» አለችው። በዚያ ሌሊት ወንድሞቼን አንድ በአንድ እየደወልን ነው የለመንነው። ኢንሹራንሱ ከሁለት ወር በኋላ ለሰባት ሌሊት የሚገባንን ከፈለ፤ አልዋሸም፣ የተጻፈውን ነው የሰጠው። የደረሰኙን አንድ አሥረኛ እንኳ አልሆነም። እህቴ፣ ሆስፒታሉ በቀጥታ ከኩባንያው ነው የሚቀበለው ወይስ አንቺ ከፍለሽ ነው የሚመለስልሽ? ይህን ሳታውቂ እንዳትፈርሚ።

ለእናቴ የምፈልግ፦ እኔም እየፈለግኩ ነበር። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይቀበላቸዋል?

ካሳ ክፍል የሠራሁ፦ የእሳቸው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ብዙ የግል ውሎች አዲስ ሰው የሚቀበሉበት የዕድሜ ገደብ አላቸው። መሥሪያ ቤትህ የቡድን ኢንሹራንስ ካለው ወላጅ ይጨምር እንደሆነ መጀመሪያ እዚያ ጠይቅ። የቡድን ውል ብዙ ጊዜ የእያንዳንዱን ሰው የሕመም ታሪክ አይመረምርም። ጠያቂያችን፣ ያንቺም ሆነ የባለቤትሽ መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር ካለው ለእናንተም ይሠራል።

የሦስት ልጆች አባት፦ እሺ፣ ስለ ሌሊቱ የተባለው ገብቶኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ዳነ። ታዲያ መካከለኛ መንገድ የለም? አሁን ርካሹን ይዛ ትቆይና ልጅቷ የሚያሳስብ ነገር ካሳየች ያኔ ወደ ሙሉው ትዛወር።

ካሳ ክፍል የሠራሁ፦ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ለዚህች ልጅ ደግሞ በተለይ። ወደ ሙሉው በምትዛወሪበት ቀን አዲስ ቅጽ ትሞያለሽ። ቅጹ «ከዚህ በፊት የታከመችበት ሕመም አለ?» ይላል። በመካከሉ አስም ተብሎ ከተጻፈባት ለአዲሱ ኩባንያ አስሙ ቀደም ሲል የነበረ ሕመም ነው። ከዚያ ወይ እሱን ነጥለው ያስቀሩታል፣ ወይ አንድና ሁለት ዓመት ጠብቂ ይሉሻል፣ ወይ አረቦኑን ይጨምሩብሻል። እንዲህ ማድረግ የተከለከለባቸው አገሮች አሉ፤ ሕጉ ካልከለከለ ግን የተለመደ አሠራር ነው። ለዛሬው 30 ልዩነት ብለሽ የነገውን በር ልትዘጊ ትችያለሽ።

መካከለኛ መንገድ ከፈለጋችሁ ሌላ ነው። ሙሉ ሽፋን የሆነውን ውል «የመጀመሪያውን ድርሻ ከፍ አድርጉልንና አረቦኑን ቀንሱ» ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ በወር 22 እየከፈላችሁ የዓመቱን የመጀመሪያ 1,000 ራሳችሁ ብትችሉና ከዚያ በላይ ያለውን በሙሉ ኩባንያው ቢወስደው፣ ደህናው ዓመት 464፣ ክፉው 1,264 ይሆናል። ያቺን 1,000 ሳይነኳት ማስቀመጥ ለሚችል ቤት ከሁለቱም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የወንድማችን የቁጠባ ሐሳብ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለቱንም ውል ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብን። በርካሹ ላይ ያላየነው አንድ ነገር አገኘን፤ ዓመታዊው ጣሪያ ለእያንዳንዳችን አይደለም፣ ለአራታችን በአንድነት ነው። እኔ አንዴ ብተኛ ለልጆቹ የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ሲያይ ዝም አለ። በሙሉው ላይ ደግሞ የእኛ የዓመት ጣሪያ የሚል አንቀጽ አለ፣ ሆስፒታሎቹም በቀጥታ ከኩባንያው ነው የሚቀበሉት። ግን ቀደም ሲል ለነበረ ሕመም 12 ወር አይከፍልም ይላል። ወኪሉን ስለ ደረቷ ጠየቅኩት፤ «አስም ካልተባለች አትጻፊው፣ ነገር ታወሳስቢያለሽ» አለኝ።

ካሳ ክፍል የሠራሁ፦ ጻፊው። ካሳ ስትጠይቂ ኩባንያው ሐኪም ቤት ካለው ካርዷ ላይ ሁለቱን ቀኖች ያገኛቸዋል፤ ሳይገለጽ የቀረ ሕመም ለመከልከል በቂ ምክንያት ነው፣ አንዳንዴ ውሉን በሙሉ ያፈርሱታል። ወኪሉ የነገረሽን ያኔ የሚመሰክርልሽ የለም። በጉንፋን ሰሞን ደረቱ የሚያፏጭ ሕፃን ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ ሐኪሞችም አስም ብለው ለመሰየም ይቆጠባሉ። ያያትን ሐኪም ይህንኑ በአጭር ደብዳቤ አስጽፊና ከቅጹ ጋር አያይዢው።

የመንትዮች እናት፦ ለእኔ ልጅ ግን በደብዳቤም አልተቀበሉትም። «የመተንፈሻ አካል ሕመም በሙሉ» ብለው ለሁለት ዓመት አስቀሩብኝ። ሳንባ ምችም ቢይዘው አይከፍሉም ማለት ነው።

ካሳ ክፍል የሠራሁ፦ ያ ሰፊ ማግለያ ነው፤ ልጅሽ አልጋ ይዞ ስለነበር ይሆናል። የእሷ ልጅ አልተኛችም። ቢሆንም እንዲህ ይሉ እንደሆነ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ እንዲመልሱላት ትጠይቅ። «አስም» ብቻ ካስቀሩ ይቻላል፤ «የመተንፈሻ አካል በሙሉ» ካሉ ግን ለዚህች ልጅ የውዱ ውል ትልቁ ጥቅም ለጊዜው የለም፤ ያኔ የመሥሪያ ቤቱን የቡድን ውል አጥብቃችሁ ፈልጉ።

ጠያቂ፦ ሐኪሙን ለሐሙስ ይዘናል፤ ለኩባንያውም ጥያቄውን በኢሜይል ልኬአለሁ። ባለቤቴ ርካሹን ትቶታል፤ አሁን የሚከራከረኝ በ40ው እና በ22ቱ ዓይነት መካከል ነው። ያቺን 1,000 ሳንነካ ማቆየታችንን እኔ እጠራጠራለሁ፣ እሱ አይጠራጠርም።