የቤቲንግ ቤቱን ድርሻ ሳሰላ ሁለት መልስ መጣብኝ፣ የቱ ነው ትክክል?

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ፒያሳ ቤቲንግ ቤት መመላለስ አብዝቷል፣ እኔም ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ስንት እንደሚወስድ በቁጥር ላሳየው ብዬ ተቀመጥኩ። ግን መሃል ላይ ተጣበቅኩ።

ቀላሉን መረጥኩ፣ ሁለት ውጤት ብቻ ያለውን። ከ2.5 ጎል በላይ ኦዱ 1.80፣ በታች 1.95። አንድን ለኦዱ ሳካፍል 1 ÷ 1.80 = 55.56%፣ 1 ÷ 1.95 ደግሞ 51.28% ሆነ። ድምሩ 106.84% ነው። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስቴ ደገምኩት፣ በኋላ ነው ከ100 የተረፈው 6.84 የቤቱ ትርፍ መሆኑ የገባኝ።

ከዚያ በብር ሞከርኩት። በላይ ላይ 55.56 ብር፣ በታች ላይ 51.28 ብር ባስይዝ፣ የትኛውም ቢወጣ 100 ብር አገኛለሁ። ያወጣሁት 106.84 ስለሆነ 6.84 ብር ከሰርኩ። ይህን ለ106.84 ሳካፍለው ግን 6.4% ነው የሚመጣው! ታዲያ ማርጂን የሚባለው የቱ ነው? ለወንድሜ «ከመቶ ብርህ ይህን ያህል ይወስዱብሃል» ስለው 6.4 ልበል ወይስ 6.84?

ሌላም አለ። የቤቱን ትርፍ ቀንሼ ትክክለኛውን ዕድል ለማግኘት ሁለቱንም ፐርሰንት ለ1.0684 አካፍዬ 52% እና 48% አገኘሁ። ይህ ግን ቤቱ ትርፉን በሁለቱም ላይ በተመሳሳይ መጠን ጭኗል ብሎ መገመት ነው። አንዱ ኦድ 1.15 ሌላው 5.00 ሲሆንም ይሠራል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ፣ ቅዳሜ ጨዋታ ሳይጀመር ላናግረው እፈልጋለሁ።