ሜሪላንድ ውስጥ ቤት መግዛት ወይስ መከራየት? ከወርሃዊው ክፍያ ጀርባ ያለው ሒሳብ

ሂሩት፦ እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በወር 2,700 ዶላር ተከራይተን እንኖራለን። እዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ታውንሃውስ በ450,000 ዶላር ለሽያጭ ቀርቧል። የዋጋውን 10 በመቶ ቅድሚያ መክፈል እንችላለን፤ ባንኩ ቀሪውን በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት አበድራለሁ ብሎናል። ወርሃዊው ክፍያ ከኪራዩ እንደሚበልጥ አውቀናል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ከዓመታት በኋላ ሀብት ይዞ የሚገኘው ገዢው ነው ወይስ ተከራዩ?

ዳንኤል፦ እህቴ፣ ይህ ምን ጥያቄ አለው? ኪራይ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። እኔ በ2012 በ290,000 ዶላር ገዛሁ፤ በ2021 ብድሩን ከ3 በመቶ በታች በሆነ ወለድ አደስኩት። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ቤት 520,000 ተሸጧል። ለአከራይ ስከፍል ብኖር ኖሮ ዛሬ በእጄ የቁልፍ ቅጂ እንኳ አይኖርም ነበር። ወለዱንም ቢሆን በታክስ ጊዜ ያስመልሱልሻል።

ትዕግሥት፦ ወንድሜ ዳንኤል፣ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን አንተን ያበለጸገህ ሁለት ጊዜ የመጣ አጋጣሚ ነው። የገዛኸው ገበያው ከወደቀበት ገና ሲያንሰራራ ነው፤ ብድርህን ያደስከው ደግሞ ወለድ እጅግ በረከሰበት ዓመት ነው። ሂሩት የምትገባበት በር ሌላ ነው።

የታክስ ሥራ እሠራለሁና በሂሩት ቁጥር ልሂድበት። የ405,000 ዶላር ብድር በ6.5 በመቶ በወር 2,560 ገደማ ያስከፍላል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 2,194 ዶላሩ ወለድ ነው፤ ዕዳውን የሚቀንሰው 366 ብቻ። በአምስት ዓመት ለባንኩ ከ153,000 ዶላር በላይ ትከፍላለች፤ ዕዳዋ የሚቀንሰው ግን ወደ 26,000 ገደማ ነው። ቀሪው ሁሉ የገንዘብ ኪራይ ነው። ስለዚህ «ኪራይ ይጠፋል፣ የባንክ ክፍያ ይቀመጣል» የሚለው አነጋገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይሠራም።

የታክሱን ነገር በተመለከተ፣ ወለዱ ራሱ ተመላሽ አይሆንም። ባልና ሚስት ወጪያቸውን ሳይዘረዝሩ ታክስ ከሚታሰብበት ገቢያቸው ላይ የሚፈቀድላቸው ተቀናሽ በ2024 29,200 ዶላር ነበር። የሂሩት የመጀመሪያ ዓመት ወለድ ወደ 26,000 ነው። የንብረትና የስቴት ታክስ ሲጨመርበት ያን መጠን ያልፍ ይሆናል፤ የሚጠቅማት ግን ያለፈው ብቻ ነው፣ እሱም ተቀናሽ እንጂ በእጅ የሚገባ ገንዘብ አይደለም።

ጋሽ አስፋው፦ ልጆች፣ እኔ የምናገረው ካየሁት ነው። በ2006 ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ገዛሁ፤ ወለዱ ለሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ ከዚያ የሚወጣ ዓይነት ነበር። «ወርሃዊው ይህን ያህል ብቻ ነው» ብለው ሲያሳዩኝ ፈረምኩ። በ2008 ክፍያው ሲወጣ የቤቱ ዋጋ ደግሞ ወረደ፤ ልሽጠው ብል ከዕዳው በታች ሆነ። ባንኩ ወሰደው። ቅድሚያ የከፈልኩትም፣ ሳሎኑን በገዛ እጄ ያነጠፍኩት እንጨትም እዚያው ቀረ። በኪራይ ቤት ብኖር ኖሮ ሻንጣዬን ይዤ እወጣ ነበር። ዳንኤል ገበያው ታች ሳለ ገባ፤ እኔ ከጫፉ ላይ ሳለ ገባሁ። ሰፈሩ አንድ ነው፣ ቤቱም አንድ ዓይነት ነው።

ትዕግሥት፦ ጋሽ አስፋው፣ ስለነገሩን እናመሰግናለን። የእርስዎና የዳንኤል ታሪክ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጡ ከማንኛውም ስሌት ይበልጣል። ሂሩት የቀረበላት ወለድ ለ30 ዓመት የማይለወጥ ነው፤ ያ አንዱ አደጋ የለባትም። የዋጋው መውረድ ግን ማንንም አይምርም።

ዮናስ፦ እኔ ሜሪላንድን ትቼ አዲስ አበባ አፓርታማ ገዛሁ። በብር ሲተመን ዋጋው ወጥቷል ይሉኛል። በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑ ሲለቀቅ ግን 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አሁን አተረፍኩ ወይስ ከሰርኩ?

ትዕግሥት፦ ዮናስ፣ የአንተ ሌላ ውይይት ነው፤ የሂሩት ገቢም ዕዳም በዶላር ስለሆነ ያ ጣጣ አይነካትም። ለአንተ መልሱ ገንዘቡን የት እንደምታወጣው ይወሰናል። እዚያው ገብተህ የምትኖርበት ከሆነ የብሩ መውረድ ያን ያህል አይጎዳህም። ወደ ዶላር መልሰህ የምታመጣው ከሆነ ግን ከከፈልከው ዶላር ጋር አስተያየው።

ወደ ሂሩት ልመለስ። በባንኩ ክፍያ ላይ የንብረት ታክስ፣ የቤት ኢንሹራንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ የሚጠየቀውን የብድር ኢንሹራንስና የማኅበር መዋጮ ስትጨምሪበት በእኔ ግምት 3,360 ይደርሳል። ጥገናን ረስተሽ ነው እንጂ እሱም አለ፤ በዓመት ከቤቱ ዋጋ አንድ በመቶ ብንይዝ በወር 375 ነው። እኔ ራሴ ሐምሌ ላይ የማቀዝቀዣው ሞተር ተቃጥሎ ሦስት ሌሊት ልጆቹን ምድር ቤት አስተኝቼ 8,700 ዶላር ከፍያለሁ። የዓመቱን አንድ በመቶ በአንድ ማክሰኞ በልቶታል። ስለዚህ የባለቤትነት እውነተኛው ዋጋ በወር ወደ 3,735 ነው፤ ከኪራዩ በ1,035 ይበልጣል።

አሁን ሁለት ሂሩት እንውሰድ። አንዷ ገዛች፤ 45,000 ቅድሚያና ውሉ ሲዘጋ የሚከፈለውን 13,500 ገደማ አወጣች። ሌላዋ ተከራይታ ይህንኑ 58,500 በ4 በመቶ አስቀመጠች፤ በየወሩ ያለውን ልዩነትም ጨመረችበት። ኪራዩም፣ የቤቱ ዋጋም፣ ታክስና ጥገናውም በዓመት 3 በመቶ ይጨምሩ። በአምስተኛው ዓመት ገዢዋ ቤቱን ብትሸጥ፣ ለደላላና ለዝውውር ታክስ ወደ 7 በመቶ ከፍላ፣ ዕዳዋን ዘግታ፣ 106,000 ገደማ ይተርፋታል። ተከራይዋ ግን 133,000 ይዛለች። በአሥረኛው ዓመት ይገለበጣል፦ ገዢዋ 219,000፣ ተከራይዋ 201,000። ቤት ለመግባትና ለመውጣት የሚከፈለው ወጪ የሚካካሰው በጊዜ ብቻ ነው።

ዳንኤል፦ በአሥር ዓመት እኔ ትክክል ነኝ ማለት ነው!

ትዕግሥት፦ 3 በመቶ ከጨመረ ነው። ተከራይዋ ደግሞ ገንዘቧን በአክሲዮን ገበያ አውላ በአማካይ 7 በመቶ ብታገኝ በአሥረኛው ዓመትም ከ240,000 በላይ ይዛ ትበልጣለች። ዋጋው በዓመት 5 በመቶ ከጨመረ ደግሞ ገዢዋ በአምስት ዓመትም ትቀድማለች። አንድ ነገር ግን እጨምርልሃለሁ፦ ገዢዋ ከመሸጧ በፊት ከነበሩት አምስት ዓመታት ሁለቱን በቤቱ ከኖረችበት፣ ባልና ሚስት ከትርፋቸው እስከ 500,000 ዶላር ድረስ ያለ ፌዴራል ታክስ ይወስዳሉ። ያ በአክሲዮን ትርፍ ላይ የለም። ለቤት በጎ ተብሎ ከሚወራው ሁሉ ጠንካራው ይኸው ነው።

ሰናይት፦ ትዕግሥት፣ ስሌትሽን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሁለተኛዋ ሂሩት በምድር ላይ የለችም። በወር 1,035 ዶላር ለአሥር ዓመት የምታስቀምጥ ተከራይ አሳዪኝ። ወንድም አገር ቤት ታሞ ይደውላል፣ የእህት ልጅ ሠርግ ይመጣል፣ ለቅሶ አለ። እኔ የ20 ሰው እቁብ ዳኛ ነኝ፤ እቁቡ ባይኖር አንዳቸውም ሳንቲም አይቆጥቡም። ሞርጌጅ የማይለመን ዳኛ ያለው እቁብ ነው። ሰው የሚያስቀምጠው ሲገደድ ነው።

ትዕግሥት፦ እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ተከራይነት የሚያዋጣው ልዩነቱን በእርግጥ ላስቀመጠ ነው፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ አያስቀምጡም። ነገር ግን እቁቡም ይፈርሳል። በቤቱ ውስጥ ባለ ድርሻቸው ላይ ብድር ወስደው መኪና የገዙና ሱቅ የከፈቱ አሉ። ሱቁ ሲዘጋ የቤቱ ዕዳ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሰናይት፦ ስንቱ እንደዚያ ያደርጋል? ከሚያደርጉት የማያደርጉት ይበዛሉ።

አበበ፦ የረሳችሁት ነገር አለ፤ ምድር ቤቱን አከራዩት። እኔ በ1,200 አከራይቼ ልዩነቱን ሸፍኛለሁ። አበሻ እዚህ አገር ሀብት የያዘው በምድር ቤት ነው።

ትዕግሥት፦ ይህ ስሌቱን ይገለብጠዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ቤት ለማከራየት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመኝታ ክፍል ደግሞ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ሊኖረው ይገባል። ያለ ፈቃድ ያከራየ ሰው ተከራዩ ኪራይ ቢያቋርጥ የሚቆምበት ሕጋዊ መሬት የለውም፤ እሳት ቢነሣ ደግሞ ኢንሹራንሱ ሊከራከረው ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የታውንሃውሱን ማኅበር ደንብ አንብቡ፤ አንዳንዱ ማኅበር ጨርሶ ይከለክላል።

በሌላ ወገን፣ ሂሩት፣ ኪራይሽ በሕግ የተጠበቀ መሆኑን አጣሪ። ካውንቲው ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለነባር ሕንፃዎች በዓመት የሚጨመረውን ኪራይ የዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 በመቶ አድርጎ ወስኗል፤ ያም ቢሆን ከ6 በመቶ አያልፍም። ሕንፃው 23 ዓመት ካልሞላው፣ ወይም ባለቤቱ በካውንቲው ያለው የሚከራይ ቤት ከሁለት ካልበለጠ ግን ሕጉ አይመለከተውም።

ሂሩት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሄደን ቤቱን አየነው። ደላላው ምድር ቤቱን «አራተኛ መኝታ» ይለዋል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ ቁመቱን በክንዴ ለካሁት፣ ከእጄ መዳፍ እስከ ክርኔ እንኳ አይሞላም። ልጅ በዚያ አይወጣም። ስለዚህ የአበበን 1,200 ሰርዘነዋል። አከራያችን ደግሞ የሚያከራየው ቤት ይኸው አንድ ብቻ ስለሆነ ሕጉ አይጠብቀንም።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ቴክሳስ ሊዛወር ይችላል ይባላል።

ትዕግሥት፦ እሱን በመጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ የምትወጡ ከሆነ ተከራዩ።

ሰናይት፦ «ሊዛወር ይችላል» ነው ያለችው። በዚህ አገር ሁሉም ሰው ሊዛወር ይችላል። ተከራይታ ትቆይ ካላችሁ፣ በየወሩ 1,035 ዶላሩን የሚሰበስብባትን ዳኛ አብራችሁ ፈልጉላት።

ሂሩት፦ ሰናይት፣ እቁባችሁ ውስጥ ቦታ አለ?