21 ነጥብ ቀርቶ 17 ነጥብ ያለፈበት ማጣሪያ

ብሩክ (ደብረ ብርሃን)፦ ለ2026ቱ ዓለም ዋንጫ በተደረገው የአፍሪካ ማጣሪያ ቡርኪና ፋሶ 21 ነጥብ ይዛ ቀረች። ናይጄሪያ ግን በ17 ነጥብ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባች። ሁለቱም በየምድባቸው ሁለተኛ ናቸው። ይሄ ፍትሕ ነው?

ዮናስ (ሸዋ ሮቢት)፦ ይሄማ ግልጽ ነው። ዘጠኝ ምድብ ነበር። አንደኛ የወጣው በቀጥታ ያልፋል። ከዘጠኙ ሁለተኞች ደግሞ አራት ምርጦች ይወሰዳሉ። አራቱን የሚመርጡት በፊፋ ደረጃ ነው። ናይጄሪያ ደረጃዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ገባች። ትልቅ ስም ያለው አይቀርም።

አስቴር (ደብረ ብርሃን)፦ ዮናስ፣ ስለ ዘጠኙ ምድብና ስለ አራቱ ሁለተኞች ያልከው ልክ ነው። የፊፋ ደረጃ ግን አራቱን አይመርጥም። አራቱ ከታወቁ በኋላ ማን ከማን እንደሚጋጠም ለመደልደል ብቻ ነው የሚያገለግለው። አራቱ የተለዩት በነጥብ ነው። ነጥቡ ግን ሙሉው አይደለም።

ነገሩ የመጣው ከምድብ 5 ነው። ኤርትራ ጨዋታ ሳይጀመር ከማጣሪያው ወጣች። ስለዚህ በዚያ ምድብ የቀሩት አምስት ቡድኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ነው። የሌሎቹ ምድቦች ቡድኖች ግን አሥር አሥር ተጫውተዋል። የምድብ 5 ሁለተኛ ኒጀር ናት። ስምንት ጨዋታ የተጫወተን አሥር ከተጫወተ ጋር በነጥብ ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ ከሌሎቹ ምድቦች ሁለተኞች ላይ ከምድባቸው መጨረሻ ቡድን ጋር ያደረጓቸው ሁለት ጨዋታዎች ተቀነሱ።

አሁን ቡርኪናን እንያት። በምድቧ መጨረሻ የወጣችው ጅቡቲ ናት። ቡርኪና ጅቡቲን 4 ለ 1 እና 6 ለ 0 አሸንፋለች። ስድስት ነጥብ ተቀነሰባት፤ 21 የነበረው 15 ሆነ። አሥር ጎልም አብሮ ሄደ። በናይጄሪያ ምድብ መጨረሻ የወጣችው ዚምባብዌ ናት። ናይጄሪያ ሁለቱንም ጊዜ ከእሷ ጋር 1 ለ 1 ነው የወጣችው። የተቀነሰባት ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ 17 የነበረው 15 ሆነ። እኩል ሆኑ።

ሽመልስ (እነዋሪ)፦ ይሄ ነገር እኔንም ደርሶብኛል። በወረዳ ውድድር ላይ አንድ ቡድን መሃል ላይ ጥሎ ወጣ። አዘጋጆቹ ውጤቱን በሙሉ ሰረዙት። እኛ ያንን ቡድን 3 ለ 0 አሸንፈን ነበር። ተፎካካሪያችን ደግሞ ተሸንፎለታል። የእኛ ድል ተሰረዘ፣ የእሱም ሽንፈት ተሰረዘ። በዚያው ቀረን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደካማውን ያላሸነፈ ተሸለመ ማለት እኮ ነው።

አስቴር፦ ሽመልስ፣ የናንተው ይለያል። እናንተ በአንድ ምድብ ውስጥ ነበራችሁ፤ ቡድኑም የወጣው ከተጫወተ በኋላ ነው። እዚህ የወጣችው ኤርትራ አንድም ጨዋታ አላደረገችም። በየምድቡ ውስጥ ያለው ደረጃም አልተነካም። የተቀነሰው ሁለተኞቹን እርስ በርስ ለማወዳደር ብቻ ነው። የመጨረሻው ቃልህ ግን ልክ ነው። ናይጄሪያ ዚምባብዌን ማሸነፍ ስላቃታት የሚቀነስባት ነገር አነሰ።

ሰላም (ደብረ ሲና)፦ እኔ የማልቀበለው እሱን ነው። ለምን በአማካይ አልተሠራም? 21 ነጥብ ለአሥር ሲካፈል 2.1 ነው። የናይጄሪያ 1.7 ነው። የኒጀርንም 15 ነጥብ ለስምንት አካፍሉት፤ 1.9 ይጠጋል። በዚህ ሒሳብ ቡርኪና ታልፋለች፣ ናይጄሪያ ትቀራለች። ማንም የለፋበት ጨዋታ አይሰረዝበትም።

አስቴር፦ ሰላም፣ አማካዩም ችግር አለው። ኒጀር እንደ ጅቡቲ ያለ ደካማ ቡድን አልገጠማትም። ቡርኪና ከጅቡቲ ያገኘችውን ስድስት ነጥብ ኒጀር ማግኘት የምትችልበት ዕድል አልነበራትም። ደካማው ሲቀነስ ሁሉም ከአራት ጠንካሮች ጋር ተወዳደሩ ይባላል።

ሰላም፦ የጅቡቲና የዚምባብዌ ድካም እኩል ነው? መጨረሻ መውጣት ብቻውን ደካማ አያሰኝም። ዚምባብዌ ናይጄሪያን ሁለቴ አስጨንቃለች።

አስቴር፦ እዚህ ላይ መልስ የለኝም። እውነትሽን ነው።

ጋሼ ታደሰ (መሐል ሜዳ)፦ ልጆች፣ እኛ ያለፍንበትን ዘመን ረስታችሁ ስለ ሌላ አገር ትከራከራላችሁ። በፈረንጆቹ 2013 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር። በቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፏል ተብሎ 3 ለ 0 ተፈረደብን። ሦስት ነጥባችንን ወሰዱት። ብራዚል ያልሄድነው በዚያ ነው።

አስቴር፦ ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ በዚያ እንኳ አይደለም የቀረነው። ነጥቡ ከተወሰደብን በኋላም ምድቡን በ13 ነጥብ አንደኛ ጨርሰናል፤ ደቡብ አፍሪካ 11 ነበራት። የቀረነው በጥሎ ማለፉ ነው። ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን። ቅጣቱን በተመለከተ ግን ያኔ የጠቀመው ደቡብ አፍሪካን ነበር። አሁን በዚህኛው ማጣሪያ እነሱም ቅጣት ያለበት ተጫዋች ከሌሶቶ ጋር አሰልፈው ሦስት ነጥብ ተወስዶባቸዋል። በ18 ነጥብ ለጥቂት ናይጄሪያን ቀድመው አለፉ።

ጋሼ ታደሰ፦ እንዲህ ነው እንዴ? እኔ ሁልጊዜ ያቺን ቢጫ ካርድ ነበር የምረግመው። በዲሽ ቤት ቆመን ነበር ያየነው። ያቺ የናይጄሪያ ጨዋታ ናት ያስለቀሰችን።

ብሩክ፦ እሺ፣ በነጥብ እኩል ከሆኑ ናይጄሪያ በምን ቀደመች?

አስቴር፦ በጎል ክፍያ። ቡርኪና ከጅቡቲ ጋር ያለው ሲቀነስ 13 አግብታ 7 ተቆጥሮባታል፤ ክፍያዋ 6 ነው። ናይጄሪያ ከዚምባብዌ ጋር ያለው ሲቀነስ 13 አግብታ 6 ተቆጥሮባታል፤ ክፍያዋ 7 ነው። በአንድ ጎል ነው የተለያዩት።

ያቺ አንድ ጎል ደግሞ የእኛ ናት። ጥቅምት 12 ቀን 2025 በፈረንጆቹ ቡርኪና ዋልያዎቹን 3 ለ 1 አሸነፈች። ያቺን አንድ ጎል ባናገባ ቡርኪናም 13 ለ 6 ትሆን ነበር። ከናይጄሪያ ጋር በሁሉም ቁጥር እኩል ማለት ነው።

ዮናስ፦ እውነት? እኛ ከምድብ ወድቀን የሌላ አገር እጣ ወስነናል ማለት ነው? ይሄን አላወቅኩም።

አስቴር፦ ለብቻችን አይደለም። ናይጄሪያ ከሁለት ቀን በኋላ ቤኒንን ገጠመች። እስከ ባከነው ሰዓት ጭማሪ ድረስ 3 ለ 0 ነበር፤ ሦስቱንም ኦሲምሄን ነው ያገባው። በዚያው ቢያልቅ ክፍያቸው 6 ለ 6 እኩል ሆኖ ቡርኪና ብዙ በማግባቷ ታልፍ ነበር። ጭማሪው ላይ ኦንዬካ አራተኛውን አገባ። አለቀ።

ሰላም፦ እኔን ከሒሳቡ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ናይጄሪያ ስንት ጎል እንደሚያስፈልጋት አውቃ ነው ሜዳ የገባችው። ቡርኪና ግን ስትጫወት አታውቅም። የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት መሆን አለባቸው።

ብሩክ፦ በአንድ ምድብ ውስጥ እንኳ በአንድ ሰዓት ያደርጉታል። ዘጠኝ ምድብ በአንድ ሰዓት ይቻላል?

ሰላም፦ ለምን አይቻልም? በአንድ ቀን እንኳ ቢሆን።

ሽመልስ፦ ናይጄሪያስ መጨረሻ ምን ሆነች?

አስቴር፦ ጥሎ ማለፉ ሞሮኮ ላይ ነበር። ጋቦንን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 1 አሸነፈች። በፍጻሜው ከዲሞክራቲክ ኮንጎ ጋር 1 ለ 1 ወጣችና በመለያ ምት ተሸነፈች። ካሜሮንን የጣለችውም ኮንጎ ናት። ኮንጎም ብታሸንፍ ገና ዓለም ዋንጫ አልገባችም ነበር። ስድስት ቡድኖች ለሁለት ቦታ የሚፎካከሩበት የአህጉራት ማጣሪያ ነው የጠበቃት።

ሰላም፦ ታዲያ ቡርኪና ብትገባ ኖሮ ጋቦንን ታሸንፍ ነበር ወይ የሚለውን ማንም አያውቅም። እኔ አሁንም በአማካይ ነው የምለው።